ከአሥር ስምንቱን እያተረፉ ሂሳብ ለምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሀዋሳ ነው፤ ሥራዬ ቡና አቅራቢነት ነው። ከሥራዬ ጎን የኒውዮርክን የአረቢካ ዋጋ በመለማመጃ ሂሳብ እነግዳለሁ። ዋጋው ከ20 ቀን አማካዩ በጣም ሲርቅ ይመለሳል ብዬ በተቃራኒው እገባለሁ። ከአሥር ግብይት ስምንቱን አተርፋለሁ፤ ሂሳቤ ግን ከጀመርኩበት በታች ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዋጋው አዲስ ከፍታ ሲሰብር ይገዛል። ከአሥር ስድስት ሰባቱን ይከስራል፤ ሂሳቡ ግን አድጓል። የማን መንገድ ነው ትክክል? የእኔንስ ስቶፕ ሎስ ብጨምርበት ይስተካከላል?»

ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ዋጋው በተወሰነ መጠን ሲዞርብዎት ግብይቱን በኪሳራ የሚዘጋው ትዕዛዝ፣ ብቻውን አያስተካክለውም። በብዙ አጋጣሚ ከሚያተርፉት ስምንት ግብይቶች ሁለት ሦስቱን ወደ ኪሳራ ይቀይርብዎትና ዋናውን ችግር ባለበት ይተወዋል። ይህን የምለው ስቶፕ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ወንድምዎ ያለ ስቶፕ አንድ ዓመት አይቆይም ነበር። ነገር ግን ስቶፕ ከእሱ እምነት ጋር የሚስማማ፣ ከእርስዎ እምነት ጋር ደግሞ የሚጋጭ መሣሪያ ስለሆነ፣ ሁለቱ እምነቶች የሚለያዩበትን ቦታ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ «አንዱ በውድ ይገዛል፣ ሌላው በርካሽ» ተብሎ ይነገራል። ይህ ስህተት ባይሆንም የላይ የላዩን ብቻ ያሳያል። ሁለቱ ሰዎች በእርግጥ የሚለያዩት ከገቡ በኋላ፣ ዋጋው በእነሱ ላይ ሲዞር ነው። አዝማሚያ ተከታዩ ዋጋ ጉዞ ከጀመረ ይቀጥላል ብሎ ስለሚያምን፣ ዋጋው ወደ ኋላ ሲመለስበት «ጉዞ የመሰለኝ ጉዞ አልነበረም» ብሎ ይወጣል፤ መክሰሩ ራሱ የመሳሳቱ ማስረጃ ነው። ወደ አማካይ መመለስን የሚያምነው ሰው ግን ዋጋው የበለጠ ሲርቅበት በእሱ ስሌት ዕድሉ የባሰ ሳይሆን የተሻለ ሆኗል። አንዱን ፓውንድ በ212 የአሜሪካ ሳንቲም ውድ ነው፣ ሲረክስ መልሼ እገዛዋለሁ ብሎ የሸጠ ሰው በ225 ይበልጥ ውድ ነው ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው መንገድ «ተሳስተሃል» የሚል ድምፅ ከውስጡ ይዟል፤ ሁለተኛው አልያዘም። ያንን ድምፅ ከውጭ ማምጣት አለብዎት፤ ከየት እንደሚመጣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ልዩነት የትርፍና የኪሳራው ቅርጽ ይወለዳል። ለማስረዳት ያህል፣ ለእያንዳንዱ መቶ ግብይት አስበን የአንዱን መጠን በአንድ መለኪያ እንቁጠር። ወንድምዎ 65 ጊዜ አንድ አንድ ይከስራል፤ 35 ጊዜ በአማካይ ሦስት ሦስት ያተርፋል። ትርፉ 105፣ ኪሳራው 65፣ የተጣራው 40 ነው። እርስዎ ደግሞ 80 ጊዜ አንድ አንድ ያተርፋሉ፤ 20 ጊዜ ሦስት ሦስት ይከስራሉ። 80 ሲቀነስ 60፣ የተጣራው 20 ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም መንገዶች አትራፊ ናቸው፤ አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት የሚባልበት ነገር የለም።

አሁን ከእያንዳንዱ አንድ ግብይት ብቻ እንቀይር። ከወንድምዎ 35 አሸናፊዎች አንዱ ለብቻው 30 ያመጣ ነበር እንበል፤ ያን ቀን ታሞ ተኝቶ ባይገባበት ዓመቱን በ40 ፋንታ በ10 ይዘጋል። ከእርስዎ 20 ተሸናፊዎች አንዱ ሦስት መክሰሩ ቀርቶ 25 ቢከስር፣ ጠቅላላ ኪሳራዎ 82 ይሆንና ዓመቱን በ2 ጉድለት ይዘጋሉ፤ ሰማንያ ጊዜ ማሸነፍዎ ግን አይቀየርም። የወንድምዎ ዓመት እንዳያመልጠው በሚፈራው አንድ ግብይት ላይ፣ የእርስዎ ዓመት ደግሞ እንዳይደርስብዎት በሚፈሩት አንድ ግብይት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ «ከአሥር ስምንት» የሚለው ቁጥር ስለ ሂሳብዎ ጤንነት የሚነግርዎት ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ይህ በቡና ዋጋ ላይ እንዴት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ልከተለው። ዋጋዎቹን እኔ ነኝ ለማስረዳት የደለደልኳቸው፤ የኮንትራቱ መጠን ግን የእውነት ነው። ኮንትራት በተወሰነ የወደፊት ወር ቡና የመረከብ ወይም የማስረከብ ውል ነው፤ አንድ የኒውዮርክ አረቢካ ኮንትራት 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 170 ኩንታል ገደማ ስለሆነ፣ የአንድ ሳንቲም እንቅስቃሴ 375 ዶላር ነው።

ዋጋው ለአምስት ወራት በ200 ሳንቲም ዙሪያ ይዋዥቃል። የ20 ቀኑ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ዋጋው ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን፣ 6 ሳንቲም ስለሆነ፣ እርስዎ ሁለት እጥፉ ሲርቅ፣ ማለትም በ212 ይሸጣሉ፣ በ188 ይገዛሉ፤ አማካዩ ጋ ሲደርስ ይወጣሉ። አማካዩ ራሱ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ከእያንዳንዱ ግብይት 12 ሳይሆን 10 ሳንቲም ያገኛሉ። አራት ጊዜ ገብተው አራቱንም በማትረፍ 40 ሳንቲም ይዘዋል። ወንድምዎ በእነዚሁ ወራት አዲስ ከፍታ ወይም አዲስ ዝቅታ በተሰበረ ቁጥር አራት ጊዜ ገብቶ አራት ጊዜ ተመልሶበታል፤ በአማካይ 8 ሳንቲም እየከሰረ 32 ሳንቲም አጥቷል። እራት ላይ ስትገናኙ ማን እንደሚመክር ግልጽ ነው።

ከዚያ ከብራዚል የድርቅ ወሬ ይመጣል። ዋጋው 212 ሲደርስ እርስዎ እንደ ልማድዎ ሸጡ፤ ወንድምዎ በ213 ገዛ። ዋጋው 225 ሲደርስ፣ የባሰ ውድ ነውና አንድ ኮንትራት ጨምረው ሸጡ። ዋጋው ግን አልቆመም፤ ከአሥር ሳምንት በኋላ 290 ደርሶ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የ20 ቀኑ አማካይ 200 ላይ ቆሞ አልጠበቀዎትም፤ ዋጋውን ከኋላ እየተከተለ 272 ደርሷል። ዋጋው ወርዶ 272 ሲነካ ሕግዎ «ወደ አማካዩ ተመልሷልና ውጣ» ይልዎታል። እምነትዎ በቃሉ ተፈጽሟል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ኮንትራት 60፣ ከሁለተኛው 47፣ በድምሩ 107 ሳንቲም ከስረዋል። ወንድምዎ የአሥር ቀኑ ዝቅታ ሲሰበር በ268 ወጥቶ 55 ሳንቲም አገኘ።

በጊዜው ማብቂያ እርስዎ 40 አትርፈው 107 በመክሰር በ67 ሳንቲም ጉድለት ላይ ነዎት፤ ይህ 25,125 ዶላር ነው። ወንድምዎ 32 ከስሮ 55 በማትረፉ 23 ሳንቲም፣ ማለትም 8,625 ዶላር ይዟል። ከስድስት ኮንትራት አራቱ አትርፈውልዎታል፤ ከእሱ አምስት ግብይቶች ያተረፈው አንድ ብቻ ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሰዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነገር የአማካዩ መንቀሳቀስ ነው። «ዋጋ ወደ አማካዩ ይመለሳል» ሲባል ዋጋው እንደሚሄድና አማካዩ ቆሞ እንደሚጠብቅ እናስባለን። ተንቀሳቃሽ አማካይ ግን ከራሱ ከዋጋው የተሠራ ስለሆነ ሁለቱ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ዋጋው ተመልሶ ያገኘዋል፣ ካልሆነም አማካዩ ሄዶ ይደርስበታል። ገንዘብ የሚገኘው በመጀመሪያው ዓይነት መገናኘት ብቻ ነው። በግብይት መዝገብዎ ላይ ሲገቡ አማካዩ የት እንደነበረና ሲወጡ የት እንደነበረ በሁለት ዓምድ ይጻፉ። በኪሳራ በወጡባቸው ግብይቶች ሁሉ አማካዩ ወደ ዋጋው ሄዶ ካገኙት፣ ችግርዎ የስቶፕ አለመኖር ሳይሆን መልሕቅ የሌለውን ነገር መልሕቅ ማድረግዎ ነው።

አሁን ስቶፕ ጨምረው ያንኑ ጊዜ እንድገመው። ከገቡበት 10 ሳንቲም ርቀት ላይ አስቀመጡት እንበል። በዋዠቀው ወቅት ካተረፉት አራት ግብይቶች ሁለቱ ከመመለሳቸው በፊት 11 እና 12 ሳንቲም በእርስዎ ላይ ሄደው ነበር። ከአማካይ የራቀ ዋጋ ከመመለሱ በፊት ጥቂት መራቁ የተለመደ ጠባይ ስለሆነ ይህ የሚያስገርም አይደለም። እነዚያ ሁለቱ አሁን 10 ትርፍ ሳይሆኑ 10 ኪሳራ ይሆናሉ፤ የአምስት ወር ድካምዎ ዜሮ ሆነ። በድርቁ ወቅት ደግሞ በ222 ይወጣሉ፤ ነገር ግን ዋጋው 225 ሲሆን ሕግዎ አሁንም «ውድ ነው፣ ሽጥ» ይላል። በ235 እንደገና ይወጣሉ፤ ከፍ ብሎ እንደገና ሽጥ ይልዎታል። ስቶፑ ከፖዚሽኑ ያወጣዎታል እንጂ ከሐሳቡ አያወጣዎትም። አንዱ ትልቅ ኪሳራ ወደ አምስት ስድስት መካከለኛ ኪሳራዎች ተከፋፈለ፤ በዋዠቀው ወቅት የሚካካስበት ትርፍም ጠፋ።

በተጨማሪም ስቶፕ በተጻፈበት ዋጋ እንደሚፈጸም ዋስትና የለውም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ወለል አበጅታ ነበር። ዋጋው ወደ ወለሉ በቀረበ ቁጥር ዩሮ መግዛትና መልሶ መሸጥ ለሦስት ዓመት ያህል የመመለስ አማኞች ሁሉ ተወዳጅ ግብይት ሆነ፤ በመቶኛ ቢሰላ የማሸነፍ መጠኑ ከእርስዎ ሰማንያ በላይ እንደነበር አልጠራጠርም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 ማዕከላዊ ባንኩ ወለሉን አነሳ። በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ሆነ። በ1.19 ስቶፕ ያስቀመጡ ሰዎች የወጡት በ1.19 ሳይሆን ገዢ በተገኘበት ዋጋ ነበር፤ ብዙዎቹም በዋስትና ያስያዙት ገንዘብ፣ ማለትም ማርጂኑ፣ አልቆ ለአገናኙ ድርጅት ባለዕዳ ሆኑ። የመመለስ ግብይት ትልቁ አደጋ የሚመጣው ዋጋ በዝግታ ሲርቅ ብቻ ሳይሆን፣ ይመልሰው የነበረው ምክንያት በአንድ ቀን ሲወገድ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ያልኩትም ይኸው ምክንያት ነው። ዋጋ የሚመለሰው አማካይ ስላለው አይደለም፤ አንድ የሚጎትተው ኃይል ስላለ ነው። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የቆሮሶ ዋጋ በዐቢይ ጾም ጨምሮ ከፋሲካ በኋላ ሲረግብ የሚጎትተውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፈላጊው በዝቶ ነበር፣ ጾሙ ሲፈታ ቀነሰ፣ ሐይቁ ግን ያው ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ጊዜ የቀድሞውን አማካይ ይዞ «ይመለሳል» ብሎ የጠበቀ ሰው የሚጎትት ኃይል የሌለበትን ነገር ነው የጠበቀው፤ አሮጌውን ዋጋ የያዘው ገበያ ሳይሆን ደንብ ነበር፣ ደንቡም ተቀይሯል።

በቡና ላይ እንዲህ ያለ የሚጎትት ኃይል የት ይገኛል? በአረቢካ ጥሬ ዋጋ ላይ ኃይሉ አለ፤ ዋጋ ሲወደድ ገበሬ ይተክላል፣ ሲረክስ ይነቅላል። ነገር ግን አንድ የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚመልሰው ኃይል በዓመታት የሚሠራ ሲሆን፣ እርስዎ በ20 ቀን መስኮት ይጠብቁታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከ2 ዶላር በታች የነበረው አረቢካ በብራዚል ድርቅና በቬትናም የሮቡስታ እጥረት ተገፍቶ በታኅሣሥ 2024 ከ1977 ወዲህ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር አለፈ። በዚያ መንገድ ላይ ከ20 ቀን አማካይ በላይ ሁለት እጥፍ ዴቪዬሽን የራቀባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው ለእርስዎ ሕግ «ሽጥ» የሚሉ ነበሩ።

የመመለስን መንገድ ከወደዱት፣ ከጥሬው ዋጋ ይልቅ በሁለት የርክክብ ወራት መካከል ያለው ልዩነት ለእርስዎ የተሻለ ሜዳ ነው፤ መጋዘን ያለው ሰው ስለሆኑም በቶሎ ይገባዎታል። የሐምሌ ኮንትራት ከግንቦቱ በጣም ቢወደድ፣ መጋዘን ያለው ነጋዴ ግንቦት ላይ ተረክቦ፣ አስቀምጦ፣ ሐምሌ ላይ ያስረክባል፤ ልዩነቱ ከመጋዘን ኪራይ፣ ከመድንና ከወለድ ድምር እንደበለጠ ይህ ሥራ ያዋጣልና የሚሠሩት ሰዎች ልዩነቱን መልሰው ያጠቡታል። ይህ እውነተኛ መልሕቅ ነው። ነገር ግን በአንድ ወገን ብቻ እንደሚሠራ ልብ ይበሉ። የቅርቡ ወር ከሩቁ ቢወደድ፣ ማለትም ዛሬ ቡና ቢጠፋ፣ ሐምሌ ላይ የሚመጣውን ቡና ወደ ግንቦት መልሶ ማምጣት የሚችል ማንም የለም። በዚያ ወገን ልዩነቱ ገደብ የለውም። ስለዚህ «ልዩነቱ ከአማካይ ራቀ» ከማለትዎ በፊት በየትኛው ወገን እንደራቀ ይጠይቁ፤ በእጥረት ወቅት የቅርቡን ወር ሸጦ የሩቁን መግዛት ብዙ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ያከሰረ ግብይት ነው።

ስለ ወንድምዎ መንገድም ላመዛዝን፤ ከላይ ያለው ምሳሌ ለእሱ ያደላ ሊመስል ይችላልና። አዝማሚያ መከተል ሕጉ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ዴኒስና ዊሊያም ኤክሃርት የተባሉ የቺካጎ ነጋዴዎች ነጋዴነት በትምህርት ይገኛል ወይስ በተፈጥሮ በሚል ክርክር ሰዎችን በማስታወቂያ መልምለው አሠለጠኑ፤ «ኤሊዎቹ» እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። ከተማሩት ሕጎች አንዱ ዋጋ የ20 ቀን ከፍታውን ሲሰብር መግዛትና የ10 ቀን ዝቅታውን ሲሰብር መውጣት ነበር። ስቶፑን የሚያስቀምጡት ዋጋው በቀን በአማካይ ከሚንቀሳቀሰው በሁለት እጥፍ ርቀት ላይ ሲሆን፣ የሚገዙትንም መጠን በዚያው መለኪያ ይመጥኑት ነበር፤ ብዙ የሚዋዥቀውን ነገር ትንሽ፣ ጥቂት የሚዋዥቀውን ብዙ። ይህን ሕግ ማንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል።

የሚከብደው አብሮት መኖር ነው። ከመቶ 65 የሚከስር ሰው በመቶ ግብይት ውስጥ ስምንት ተከታታይ ኪሳራ ቢያጋጥመው ያልተለመደ ነገር አልሆነበትም፤ ስሌቱ ራሱ የሚጠብቀው ነው። እኔ ራሴ ውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ይህንኑ የ20 ቀን ሕግ በትንሽ ገንዘብ ስሞክር ሰባት ጊዜ በተከታታይ ከሰርኩ። ስኳር፣ የተፈጥሮ ጋዝ፣ እንደገና ስኳር። በሰባተኛው ላይ «ይህ ሕግ ሞቷል» ብዬ ተውኩት። ድፍድፍ ነዳጅ በሰኔ ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ የሚቀጥለው ጥር ላይ ከ50 በታች ወረደ። ሕጉ «ሽጥ» ያለኝን ቀን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ግብይቱን ግን አልገባሁበትም። ሰባቱን ኪሳራ ከፍዬ ስምንተኛውን ትርፍ ያልወሰድኩ ሰው ነኝ ማለት ነው፤ ከዚያ የባሰ የሁለቱ መንገዶች ድብልቅ የለም።

ወንድምዎ የሚከፍለው ሌላም ዋጋ አለ። በምሳሌያችን ዋጋው 290 ደርሶ እሱ የወጣው በ268 ነው፤ 22 ሳንቲም በእጁ ካለው ላይ መልሶ ሰጥቷል። ጫፉ ላይ ልውጣ ካለ ያን ጊዜ የእርስዎን እምነት ተውሷል፤ እንደዚያ በማድረግ ትልቁን ግብይት 20 ሳንቲም ላይ የሚቆርጥ አዝማሚያ ተከታይ 65ቱን ኪሳራ የሚከፍልበት ገንዘብ አይኖረውም። የእርስዎ መንገድ የተገላቢጦሹ ድብልቅ አለበት፤ «ለጥቂት ቀን» ብለው የገቡበት ግብይት ሲበላሽ «ለረጅም ጊዜ ነው የያዝኩት» ማለት። የገቡበት ምክንያት በገቡበት ሰዓት ተጽፎ ካልተቀመጠ ይህ ለውጥ ሲደረግ ለራስዎም አይታወቅዎትም።

አንድ ገበያ በየትኛው ጠባይ ላይ እንዳለ ማወቅ ይቻላል ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ያለፈውን በተመለከተ፣ አዎ፣ በዚህ ቀመር ይለካል፦

```
VR = Var(10) / (10 × Var(1))
```

የአንድ ቀን ለውጦች እርስ በርሳቸው ካልተያያዙ የአሥር ቀን ለውጥ ቫሪያንስ፣ ማለትም የመበተኑ መጠን Var(10)፣ የአንድ ቀኑን አሥር እጥፍ ይሆንና ውጤቱ 1 ይመጣል። ከ1 በላይ ከሆነ ለውጦቹ እየተደመሩ ሄደዋል፤ ይህ የወንድምዎ ሜዳ ነው። ከ1 በታች ከሆነ እርስ በርሳቸው ተጣፍተዋል፤ ይህ የእርስዎ ነው። ችግሩ፣ በጥቂት ወራት መረጃ ላይ ይህ ቁጥር በዕድል ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በአሥር ዓመት መረጃ ላይ ደግሞ የዋዠቀውንም የተጓዘውንም ወቅት ደባልቆ ወደ 1 የተጠጋ ነገር ይሰጥዎታል። በምሳሌያችን አምስት ወር ከ1 በታች ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ሳምንት ወሬ ተቀየረ። ስለዚህ መግቢያ ምልክት አያድርጉት፤ የሚነግዱበት ነገር ከጠባይዎ ጋር ጨርሶ የማይስማማ መሆኑን ለመለየት ግን ይረዳል።

ታዲያ በስቶፕ ፋንታ ምን ይደረግ? እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከሁሉ በፊት መጠኑን አስቀድሜ እወስናለሁ። በአንድ ሐሳብ ላይ ቢበዛ ሁለት ኮንትራት እገባለሁ ካልኩ፣ አንዱን በ212፣ ሁለተኛውን በ225 ብዬ ከመግባቴ በፊት እጽፋለሁ፤ ሦስተኛ የለም። ዋጋው ወደማላምንበት ሩቅ ቦታ፣ እንበል 260፣ ቢደርስ በሁለቱ ላይ 48 እና 35 ሳንቲም፣ በድምሩ 83 ሳንቲም እከስራለሁ፤ ይህ 31,125 ዶላር ነው። ሂሳቤ ይህን ኪሳራ ተሸክሞ መቀጠል ካልቻለ፣ ኮንትራቱ ለእኔ ትልቅ ነው እንጂ ስቶፑ ቅርብ አይደለም። ቀጥሎ የጊዜ ገደብ አበጃለሁ። ከመዝገብዎ ያተረፉት ግብይቶች በአማካይ በስንት ቀን እንደተመለሱ ያስሉ፤ በስድስት ቀን ከሆነ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያልተመለሰውን በየትኛውም ዋጋ እዘጋለሁ። የዋጋ ስቶፕ ከእምነትዎ ጋር ይጋጫል፤ የጊዜ ስቶፕ ግን አይጋጭም፣ ምክንያቱም «ይመለሳል» የሚል ሰው «በቶሎ ይመለሳል» ማለቱ ነው። በመጨረሻም የሚጎትተውን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ያ ዓረፍተ ነገር ሐሰት የሆነ ቀን፣ ለምሳሌ የድርቁ ዜና የወጣ ዕለት፣ ትርፍም ኪሳራም ሳልጠይቅ እወጣለሁ። በምሳሌያችን ዜናው የወጣው ዋጋው ገና 214 አካባቢ ሳለ ቢሆን ኪሳራው 2 ሳንቲም ብቻ ይሆን ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይለዩልኝ። በመጋዘንዎ 170 ኩንታል ያልተሸጠ ቡና ኖሮ አንድ ኮንትራት ቢሸጡ ያ የመመለስ ግብይት አይደለም፤ ዋጋ ቢጨምር በኮንትራቱ የከሰሩት በአመዛኙ በቡናዎ ላይ ይመለሳል። ነገር ግን የቡናው ትርፍ የሚገኘው ሲሸጥ ሲሆን፣ የኮንትራቱ ኪሳራ በየቀኑ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል፤ በ2024 መጨረሻ ብዙ የቡና ነጋዴዎችን ያስጨነቀው ይኸው የማርጂን ጥሪ ነው። በመለማመጃ ሂሳብዎ ላይ ያሉትን ግብይቶች ሲመዘግቡ በእጅዎ ካለው ቡና ጋር የተያያዙትን ለብቻ ያውጡ። የቀሩትን መቶ ግብይቶች አማካይ ትርፍ፣ አማካይ ኪሳራ፣ ትልቁን ኪሳራ፣ ከመመለሱ በፊት ምን ያህል እንደራቀና በስንት ቀን እንደተመለሰ አስልተው ቢልኩልኝ፣ የጊዜ ገደቡ ስንት ቀን መሆን እንዳለበት ከዚያ ላይ በቁጥር ልነግርዎ እችላለሁ።